አርብ ማታ ኦፕሽኔ ምን ይሆናል? ስለ ማብቂያ ቀን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ገጽ የጻፍኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለገሃር አካባቢ ካፌ ውስጥ ባየሁት ስልክ ምክንያት ነው። አንድ ወዳጄ ማኪያቶውን ሳይነካ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ማታ ሲተኛ ሁለት የኮል ውሎች ነበሩት። ጠዋት ሲነሳ ውሎቹ የሉም። በቦታቸው 200 አክሲዮን ተቀምጧል። የጥሬ ገንዘቡ መስመር ደግሞ በቀይ ተጽፎ ከዜሮ በታች 10,690 ዶላር ይላል። «እኔ እኮ ምንም አልነካሁም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምንም አልነካም። ጣጣው የመጣውም ባለመንካቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያንኑ ነገር የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ አሜሪካ ሲኖሩ ወይም ሲማሩ የከፈቱትን ሒሳብ ይዘው አዲስ አበባ የተመለሱ ናቸው። መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። እዚህ የማወራው በአሜሪካ ገበያ ስለሚሸጡ የአክሲዮን ኦፕሽኖች፣ በተለይም ኦፕሽን ገዝቶ ስለያዘ ሰው ነው። ኦፕሽን ስለሸጠ ሰው አይደለም።

የገዛሁት ኦፕሽን ማብቂያ ቀኑ ሲደርስ ምን ይሆናል?

ከሦስት ነገሮች አንዱ ይሆናል። ወይ ገበያው ሳይዘጋ ትሸጡታላችሁ። ወይ ዋጋ ቢስ ሆኖ ይሞታል። ወይ ደግሞ ኤክሰርሳይዝ ይደረጋል፣ ማለትም ውሉ ይፈጸማል። ኮል ከሆነ በስትራይኩ፣ ማለትም ውሉ ላይ በተወሰነው ዋጋ፣ አክሲዮኑን ትገዛላችሁ። ፑት ከሆነ በስትራይኩ ዋጋ ትሸጣላችሁ። አንድ ውል አብዛኛውን ጊዜ 100 አክሲዮን ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። ኦፕሽን ገዝቶ መሸጥ የለመደ ሰው ለወራት ሲነግድ ቆይቶ አንድም አክሲዮን በእጁ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ መኖሩን ይረሳዋል።

አውቶማቲክ ኤክሰርሳይዝ ምንድን ነው? ማን ነው የሚያደርገው?

በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ የአክሲዮን ኦፕሽኖች በሙሉ በአንድ ተቋም በኩል ያልፋሉ። ኦፕሽንስ ክሊሪንግ ኮርፖሬሽን ይባላል፣ በአጭሩ ኦሲሲ። በገዢና በሻጭ መካከል ቆሞ ውሉ መከበሩን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። የኦሲሲ ደንብ አጭር ነው፦ በማብቂያው ቀን አክሲዮኑ የተዘጋበት ዋጋ ውሉን ቢያንስ በ1 ሳንቲም «ኢን ዘ መኒ» ካደረገው፣ ብሮከሩ «ተው» የሚል ትእዛዝ ካልላከ በቀር ውሉ ይፈጸማል። ኮል ኢን ዘ መኒ የሚሆነው የአክሲዮኑ ዋጋ ከስትራይኩ በላይ ሲሆን ነው። ፑት ደግሞ በታች ሲሆን።

ይህ 1 ሳንቲም ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቀደም ሲል ወለሉ ከፍ ያለ ነበር፣ እየቀነሰ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 1 ሳንቲም ወረደ። ዓላማው ባለቤቱን መጠበቅ ነው፣ ይህን ልብ በሉ። 5 ዶላር ኢን ዘ መኒ የሆነ ኮል ያለው ሰው ታምሞ ወይም ረስቶ ቢተወው፣ ያለዚህ ደንብ በአንድ ውል 500 ዶላር ሜዳ ላይ ይቀርበት ነበር። ለእሱ ደንቡ ባለውለታው ነው። የሚጎዳው በጥቂት ሳንቲም ብቻ ኢን ዘ መኒ የሆነውን ሰው ነው። ደንቡ 5 ዶላርንና 5 ሳንቲምን አይለይም።

ግን እኮ ከስሬያለሁ! የከሰረ ኦፕሽን ለምን ይፈጸማል?

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው። ሰዎችን የሚያስደነግጠውም እዚሁ ላይ ያለው ግራ መጋባት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቀብድን አስቡ። አንድ ዕቃ በ6,000 ብር ሊሸጥላችሁ የተስማማ ነጋዴ አለ እንበል። እስከ አርብ ለሌላ እንዳይሸጠው 45 ብር ትሰጡታላችሁ። ከተለመደው ቀብድ የሚለየው፣ ይህ 45 ብር ብትገዙም ከዋጋው አይቀነስም፣ ባትገዙም አይመለስም። የነጋዴው ነው፣ አለቀ። አርብ ሲደርስ ዕቃው ገበያ ላይ 6,007 ብር ሆኗል። አሁን ጥያቄው ምንድን ነው? 45 ብሩን አይደለም የምታስቡት፣ እሱ ሄዷል። የምታስቡት «6,007 የሚያወጣ ነገር በ6,000 ላንሳው ወይስ ልተወው?» የሚለውን ነው። በዚህ ስሌት ማንሳቱ 7 ብር ያተርፋል። በጠቅላላው ግን አሁንም 38 ብር ከስራችኋል።

ኦፕሽንም እንዲሁ ነው። ኢን ዘ መኒ መሆን የሚለካው ከስትራይኩ ጋር ነው። ትርፍና ኪሳራ የሚለካው ደግሞ ከፕሪሚየሙ፣ ማለትም ለኦፕሽኑ ከከፈላችሁት ዋጋ፣ ጋር ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የስልክ መተግበሪያው ግን በትልቁ የሚያሳየው ሁለተኛውን ነው። ስትራይክ 60፣ ፕሪሚየም 0.45 ከሆነ «Break-even 60.45» ብሎ ይጽፋል። ሰው ይህን ቁጥር እያየ ይውላል። አክሲዮኑ 60.07 ላይ ሲዘጋ «60.45 አልደረሰም፣ ሞቷል» ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል። ኦሲሲ ግን 60.45 የሚባል ቁጥር አያውቅም። ስንት እንደከፈላችሁ የሚጠይቅ የለም። የሚያየው 60.07 ከ60.00 እንደሚበልጥ ብቻ ነው።

በስትራይኩና በብሬክ ኢቨኑ መካከል ያለውን ቦታ እኔ አደገኛው ክፍተት እለዋለሁ። እዚያ ውስጥ የተዘጋ ኦፕሽን ለባለቤቱ ኪሳራ ነው፣ ለደንቡ ግን የሚፈጸም ውል ነው።

7 ሳንቲም እኮ ነው። ምን ያህል ሊጎዳኝ ይችላል?

የወዳጄን ጉዳይ በቁጥር ላሳያችሁ፣ ፈቅዶልኛል። የአክሲዮኑን ስም ማወቅ አያስፈልግም።

ሒሳቡ ውስጥ 1,400 ዶላር ነበረው። ስትራይካቸው 60 የሆነ ሁለት ኮሎች በ0.45 ገዛ። ሁለት ውል ማለት 200 አክሲዮን ስለሆነ 90 ዶላር ከፈለ። 1,310 ቀረው። በእሱ ሐሳብ ከዚህ ንግድ የሚያጣው ቢበዛ 90 ዶላር ነው። ሁሉም ቦታ የሚባለውም ይኸው ነው፦ «ኦፕሽን የገዛ ሰው የሚያጣው ፕሪሚየሙን ብቻ ነው።» ይህ አባባል እውነት የሚሆነው ኦፕሽኑ ኦፕሽን ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው። አክሲዮን ከሆነ በኋላ አይሠራም።

አርብ ማታ አክሲዮኑ 60.07 ላይ ተዘጋ። ክረምት ስለነበር እዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ዝናብ እየዘነበ ነበር፣ ወዳጄ ስልኩን አየት አድርጎ ተኛ። ሌሊቱን የሆነው ይህ ነው፦

```
200 × 60.00 = 12,000
1,310 − 12,000 = −10,690
200 × 60.07 = 12,014
12,014 − 10,690 = 1,324
```

የመጨረሻው መስመር ቅዳሜ ጠዋት ሒሳቡ በጠቅላላ ያለው ዋጋ ነው፣ 1,324 ዶላር። ከመጀመሪያው 1,400 በ76 ብቻ ያንሳል። እስካሁን የደረሰ ጉዳት የለም፣ እንዲያውም በ7 ሳንቲሟ 14 ዶላር አስመልሷል። የተለወጠው የተሸከመው ነገር ክብደት ነው። አርብ ቀን በ90 ዶላር የሚነግድ ሰው ቅዳሜ 12,014 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ይዟል፣ አብዛኛውም በብድር ነው። አክሲዮኑ በ1 ዶላር በተንቀሳቀሰ ቁጥር 200 ዶላር ይሄዳል ወይም ይመጣል። ገበያው ደግሞ እስከ ሰኞ ዝግ ነው።

ሰኞ አክሲዮኑ በ57.50 ተከፈተ። ብሮከሩም ወዲያው 200ውንም ሸጠ። 11,500 ገባ፣ ብድሩ ተከፈለ፣ ሒሳቡ ላይ 810 ዶላር ቀረ። ከ1,400 ሲቀነስ 590 ዶላር ጠፋ ማለት ነው። ከ90ው ስድስት እጥፍ ተኩል ገደማ። በላዩ ላይ ለብድሩ ጥቂት ዶላር ወለድ አለ። ሰኞ በ62 ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ በአክሲዮኑ ላይ 400 ዶላር ያተርፍ ነበር። ግን ያንንም ቢሆን አልመረጠውም። ሳያውቅ የገባበት ቁማር ነው የሚሆነው።

12,000 ዶላር እንደሌለኝ ብሮከሩ ያውቃል። ዝም ብሎ አይተወውም?

አንዳንዴ ይተወዋል። በዚህ መተማመን ግን አይቻልም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ብዙ ብሮከሮች በማብቂያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሒሳቦችን ይፈትሻሉ። ውሉ ቢፈጸም መክፈል የማይችል ሒሳብ ካገኙ ገበያው ሳይዘጋ ኦፕሽኑን ራሳቸው ይሸጡታል። ሌሎች ደግሞ በእናንተ ስም «አይፈጸም» የሚል ትእዛዝ ያስገባሉ። የቀሩት ምንም ሳያደርጉ እንዲፈጸም ትተው ሰኞ ጠዋት «ገንዘብ አስገባ» ይላሉ፣ ካልገባ ይሸጣሉ። በአሜሪካ ደንብ በብድር አክሲዮን ለመግዛት ከዋጋው ግማሹ የራስ መሆን አለበት። በወዳጄ ጉዳይ 6,000 ዶላር ማለት ነው፣ የነበረው ግን 1,324 ነው። ሒሳብ ስትከፍቱ የፈረማችሁት ስምምነት ብሮከሩ ይህን ሁሉ ማድረግ *ይችላል* ይላል። *ግዴታ አለበት* አይልም።

ቀዳዳው ያለው ፍተሻው የሚደረግበት ሰዓት ላይ ነው። ወዳጄ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ገበያው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው አክሲዮኑ 59.70 ላይ ነበር። ከስትራይኩ በታች ስለሆነ የብሮከሩ ፍተሻ «ይህ ይሞታል» ብሎ አለፈው። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች 60ን ተሻገረ። ያኔ የሚያስቆመው አልነበረም። ጥልቅ ኢን ዘ መኒ የሆነ ኦፕሽን ፍተሻው ላይ ቀድሞ ይያዛል። በስትራይኩ ዙሪያ የሚዋልለው ግን ያመልጣል። ለዚህ ነው ትንሽ ኢን ዘ መኒ የሆነው ሰው ከሁሉም በላይ የሚደነግጠው።

ታዲያ አርብ ምን ላድርግ?

አክሲዮኑን ካልፈለጋችሁት ኦፕሽኑን ሽጡት። ገበያው ክፍት እያለ፣ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም። ከሸጣችሁት በኋላ ኤክሰርሳይዝ የሚደረግ ነገር እጃችሁ ላይ የለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። አክሲዮኑ 60.07 ላይ ሆኖ የገዢዎችን ዋጋ ስታዩ 0.07 አታገኙም። ገዢ 0.04፣ ሻጭ 0.12 ሊል ይችላል። በመጨረሻው ሰዓት ገዢ የሚሆነው ነጋዴ ድርጅት ነው፣ እሱም ከእናንተ የሚረከበው ውል ውስጥ ያለውን አደጋና ትርፉን አስቦ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። በ0.04 ሁለት ውል ብትሸጡ 8 ዶላር ነው። አንዳንድ ብሮከር በውል 65 ሳንቲም ይወስዳል፣ 6.70 ይቀራል። ሰው ይህን አይቶ «ለ6 ዶላር ብዬ ነው? ይቅር» ይላል። ስድስት ዶላሩ ግን ዋናው ነገር አይደለም። በዚያ ሽያጭ የምትገላገሉት የ12,000 ዶላር ግዢ ነው። እኔ በ0.01 እንኳን እሸጠዋለሁ። ትእዛዙን ዋጋ ወስናችሁ አስገቡ፣ «በተገኘው ዋጋ» ብላችሁ አትልቀቁት። ገበያው በሳሳበት ሰዓት ከጠበቃችሁት ርቆ ሊሄድ ይችላል።

ገዢ ጨርሶ ከጠፋ ወይም ሰዓቱ ካለፈ ሁለተኛ መንገድ አለ። ለብሮከሩ «Do Not Exercise» የሚል ትእዛዝ መስጠት ነው። አንዳንድ መተግበሪያ ላይ በዚሁ ስም ቁልፍ አለ። አንዳንዱ ጋ ግን በስልክ ደውሎ ወይም በመልእክት መጠየቅ የግድ ነው። ያኔ ኦፕሽኑ ኢን ዘ መኒ ሆኖም ይሞታል። ፕሪሚየሙን ታጣላችሁ፣ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ነው? በእኛ ሰዓት ንገረኝ።

ገበያው የሚዘጋው በኒው ዮርክ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው፣ እነሱ 4:00 PM የሚሉት። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚያዞሩበት ወቅት፣ ማለትም ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት ማገባደጃ፣ ይህ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። በቀሪው ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ኦፕሽኑን መሸጥ የሚቻለው እስከዚያ ነው።

«አይፈጸም» ወይም «ይፈጸም» የሚለው የመጨረሻ ውሳኔ በገበያው ደንብ እስከ 5:30 PM ድረስ ይቀበላሉ። በእኛ ከሌሊቱ 6፡30 ወይም 7፡30 ማለት ነው። ግን ይህ ለብሮከሩ የተሰጠ የመጨረሻ ጣሪያ ነው። ብሮከሩ ለእናንተ የሚሰጠው ሰዓት ከዚያ ሊቀድም ይችላል፣ አንዳንዱም ገበያው ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ይህን አርብ እኩለ ሌሊት ላይ ለማጣራት አትሞክሩ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ የብሮከሩን የእርዳታ ገጽ አንብቡ፣ ካልገባችሁ ጻፉላቸው። በስልክ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ወደ አሜሪካ የሚያስደውል ሒሳብ ስልካችሁ ላይ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሊጠፋም ይችላል። ለዚህ ብዬ እኔ የምይዘውን ኦፕሽን ሐሙስ ማታ ነው የምዘጋው፣ የአርቡን ሩጫ አልወደውም።

ገበያው ከተዘጋ በኋላ ዋጋው ቢለወጥስ?

አውቶማቲኩ የሚያየው የመዝጊያውን ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ግብይት አክሲዮኑ ወደ 57 ቢወርድም፣ በ60.07 ከተዘጋ ትእዛዝ ካልሰጣችሁ ይፈጸማል። በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ መጥፎ ዜና ሊወጣ ይችላል። የማየትና የመከልከል መብት የእናንተ የባለቤቶቹ ነው፣ ውሉን የሸጠው ሰው ይህ ዕድል የለውም። ግን መብቱን ለመጠቀም ነቅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። በተቃራኒውም ይሠራል፦ በ59.95 ተዘግቶ ወዲያው ወደ 63 ቢዘል «ይፈጸም» ብላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ።

ፑት ብይዝስ?

አደጋው አንድ ዓይነት ነው፣ መልኩ ግን ይለያል። እንዲያውም የበለጠ ያታልላል።

ስትራይኩ 40 የሆነ አንድ ፑት አላችሁ እንበል። አክሲዮኑ 39.96 ላይ ተዘጋ፣ 4 ሳንቲም ኢን ዘ መኒ። ሲፈጸም 100 አክሲዮን በ40 ትሸጣላችሁ። አክሲዮኑ ከሌላችሁ ግን የሌላችሁን ነው የሸጣችሁት። ቅዳሜ ሒሳባችሁን ስትከፍቱ ጥሬ ገንዘቡ በ4,000 ዶላር ጨምሯል። አንዲት እህት ይህን አይታ ትርፍ መስሏት እንደነበር ነግራኛለች። ዝቅ ብላ ስታይ አክሲዮኑ ጎን −100 የሚል ተጽፏል። ያ ዕዳ ነው፦ 100 አክሲዮን ገዝታ መመለስ አለባት። ሰኞ በ44 ቢከፈት 400 ዶላር ገደማ ይጎድልባታል። አክሲዮን ሲወርድ ቢያንስ ዜሮ ላይ ይቆማል። ሲወጣ ግን ጣሪያ የለውም።

ብድር የማይፈቅድ ሒሳብ ያላችሁ ሰዎች እንዲህ ያለ ቦታ ውስጥ መግባት አይፈቀድላችሁም፣ ብሮከሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይሸጠዋል ወይም እንዳይፈጸም ያደርገዋል። አክሲዮኑ በእጃችሁ ካለ ደግሞ ፑቱ ሲፈጸም ያው አክሲዮናችሁ ይሸጣል። ልትሸጡት ባትፈልጉ እንኳን።

እኔ የያዝኩት ስፕሬድ ነው። ኪሳራዬ የተገደበ አይደለም?

እስከ መዝጊያው ድረስ አዎ። የ60ውን ኮል ገዝታችሁ የ62ቱን ሸጣችኋል እንበል። አክሲዮኑ 61.20 ላይ ቢዘጋ የገዛችሁት ይፈጸማል፣ የሸጣችሁት ይሞታል። 100 አክሲዮን በ6,000 ዶላር ትረከባላችሁ፣ ከላይ የነበረው መከላከያም ከዚያ በኋላ የለም። ዋጋው ከሁለቱም በላይ ወይም ከሁለቱም በታች ሲዘጋ ነገሩ ራሱን ያጣፋል። መሃል ላይ ሲዘጋ ነው ችግሩ። ሁለቱንም እግሮች በአንድ ትእዛዝ አርብ ሳይመሽ ዝጉ።

ስለ ኢንዴክስ ኦፕሽኖችም ይህ ይሠራል?

እንደ ኤስፒኤክስ ያሉት በጥሬ ገንዘብ ነው የሚዘጉት። አክሲዮን አይመጣም፣ ልዩነቱ ብቻ ይከፈላችኋል። ኤስፒዋይ ግን ስሙ ቢቀራረብም እንደ ማንኛውም አክሲዮን ነው፣ 100 ድርሻ እጃችሁ ላይ ይወድቃል። ሁለቱን የሚያምታቱ ሰዎች አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ነቅቼ አክሲዮኑን አገኘሁት። አሁንስ?

መጀመሪያ ያለውን በትክክል አንብቡ። ስንት አክሲዮን አለ? ቁጥሩ በፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው ወይ? ጥሬ ገንዘቡ ከዜሮ በላይ ነው ወይስ በታች? ብሮከሩ የላከው መልእክት አለ? ኢሜይላችሁን እዩ፣ «exercise» የሚል ቃል ያለበት ማሳወቂያ ብዙውን ጊዜ እዚያ ይገኛል። አማካይ የግዢ ዋጋ የሚለው ቦታ ላይ 60 ሳይሆን 60.45 ብታዩ አትደንግጡ። የከፈላችሁት ፕሪሚየም ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር ተደምሮ ነው። ሁለተኛ ኪሳራ አይደለም።

ውሉ አንዴ ከተፈጸመ ወደ ኋላ መመለስ የለም። «ተሳስቼ ነው» ብላችሁ ብትጽፉ ብሮከሩ ሊሰርዘው አይችልም፣ በሌላ ጫፍ ላይ አክሲዮኑን ያስረከበ ሰው አለ። መጻፍ ያለባችሁ ለሌላ ጉዳይ ነው፦ ሰኞ እናንተ ራሳችሁ እንድትሸጡ ጊዜ ይሰጧችሁ እንደሆነ፣ ወይስ ገበያው እንደተከፈተ እነሱ እንደሚሸጡት ጠይቁ። ልዩነት አለው። እናንተ ከሸጣችሁ ዋጋ ወስናችሁ ትጠብቃላችሁ። እነሱ ከሸጡት በተገኘው ዋጋ ነው።

የምታስገቡት ገንዘብ ካላችሁና አክሲዮኑን በእውነት የምትፈልጉት ከሆነ መያዝ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ወዲህ ርክክቡ በአንድ የሥራ ቀን ስለሚያልቅ፣ የአርቡ ግዢ ሰኞ ይከፈላል። ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ዶላር ማስገባት ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካ ያለ ሌላ የባንክ ሒሳብ ከሌላችሁ ይህን መንገድ እርሱት።

የማትፈልጉት ከሆነ ሰኞ ሽጡ። ገበያው የሚከፈተው በእኛ ከቀኑ 10፡30 ነው፣ በሌላው ወቅት 11፡30። ብሮከራችሁ ከመክፈቻው በፊት ያለውን ግብይት የሚፈቅድ ከሆነ ከዚያም ቀደም ብሎ መሸጥ ይቻላል። ያኔ ገዢው ጥቂት ስለሆነ ዋጋ ወስናችሁ ብቻ። ወዳጄ ይህን አልፈቀዱለትም ነበር። ሰኞ ከሰዓት ለገሃር ያቺው ካፌ ቁጭ ብለን 10፡30 ጠበቅን። 10፡31 ላይ 200 የሚለው ቁጥር ጠፋ።